ቅልጥማችሁን ሲያማችሁ የማታደርጓቸው ነገሮች

ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ ሁሌም የማየው ነገር አለ፣ ወራት ሙሉ ያልሮጠ ሰው ቲሸርቱን ይገዛና በማግስቱ አስፋልት ላይ በየቀኑ 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይጀምራል፣ ከዛ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቅልጥሙን በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ያመዋል። ሺን ስፕሊንት የሚባለው ይሄ ነው። አጥንቱ ጫናውን ሳይለምድ ሩጫው ስለበዛበት ነው የሚመጣው።

"ሲሞቅ ይለቀኛል" ብሎ መቀጠል። መጀመሪያ አካባቢ እውነትም ሲሞቅ ይለቃል፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ቀጥሎ ሩጫው ካለቀ በኋላም ያማል፣ ከዛ ስትራመዱም። በተለይ ዳይክሎፌናክ ውጦ መሮጥ እባካችሁ ይቅርባችሁ፣ ህመሙን ይደብቀዋል እንጂ አጥንቱን አያሳርፈውም።

ሁሉንም ህመም አንድ አድርጎ ማየት። አጥንቱን በውስጥ ጠርዙ በኩል በጣት ተጫኑት። ህመሙ ረዘም ባለ ቦታ ላይ፣ የጣት እርዝመት ያህል ከተዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ ሺን ስፕሊንት ነው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ክፉኛ የሚያም ከሆነ፣ ማታ ተኝታችሁም የሚጠዘጥዛችሁ ከሆነ ወይ በአንድ እግር መዝለል ካቃታችሁ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። መጀመሪያ ሰሞን ስንጥቁ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ራጁ ምንም የለም ቢልም ህመሙ ካለ አትሩጡ። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ደሞ ይሄንንም ለሐኪሙ ትንገረው፣ ከአጥንት መሳሳት ጋ ይገናኛል።

ማረፍ ብቻ። ሩጫ ታቆማላችሁ፣ ሳይክልና ዋና ግን ካላመማችሁ ይቻላል። ችግሩ አርፎ የሚመለስ ሰው እግሩ ያው ድሮ የነበረው እግር ነው፣ ስለዚህ ህመሙ ቀለል ሲል ባትን ማጠንከር ያስፈልጋል፦ በጣቶቻችሁ ቆማችሁ ተረከዝ ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ፣ አንዴ ጉልበት ቀጥ አድርጎ አንዴ አጠፍ አድርጎ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ።

ካቆሙበት መጀመር። እኔ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሲበላሽ ያየሁት። በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ትሮጥ የነበረች ልጅ እንውሰድ። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ፈጠን ብላ ስትራመድና በታመመው እግር 10 ጊዜ ስትዘል የማያማት መሆን አለበት። ከዛ ሜዳ ላይ፣ ጃን ሜዳ አይነት ሳር ወይ አፈር ላይ፣ 1 ደቂቃ ሩጫ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። ቀጣዩ ሳምንት 2 በ2፣ ከዛ 4 በ1፣ ከዛ 20 ደቂቃ ሳታቋርጥ። እርምጃዋን አጠር ብታደርገው ጫናው ይቀንሳል። በማግስቱ ጠዋት ካመማት ወደ ባለፈው ሳምንት ትመለሳለች፣ አስፋልት፣ ዳገት ቁልቁለትና ፍጥነት ደሞ መጨረሻ ላይ፣ ያውም አንድ በአንድ እንጂ አንድ ላይ አይጨመሩም።