«አትላኩልኝ» ብላ ነበር፦ በጅምላ የጽሑፍ መልእክት ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የባልትና ሱቅ የፋሲካ ማስታወቂያውን እንዳዘጋጅለት ጠርቶኝ ነበር። ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠልኝ ሁለት ነገር ነው፤ 900 ያህል ስልክ ቁጥር ያለበት የኤክሴል መዝገብ እና ከአንዲት ደንበኛ ጠበቃ የመጣ ደብዳቤ። ማስታወቂያውን ትተን ወደ ደብዳቤው ገባን። ሴትዮዋ ለገና በተላከው መልእክት ላይ «እባካችሁ ከእንግዲህ አትላኩልኝ» ብላ መልሳለች። ከዚያ በኋላ አራት መልእክት ደርሷታል። ባለቤቱ መልሷን ያየው ጠበቃው ፎቶ አንስቶ ሲልክለት ነው።

በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚገዛው በፈረንጆች 1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ ነው። ተቀባዩ በአንድ መልእክት እስከ 500 ዶላር፣ ላኪው እያወቀ ካደረገው ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። የትኛው መልእክት በየትኛው አንቀጽ ሥር ይወድቃል የሚለው ፍርድ ቤቶችን አሁንም ያከራክራል፤ እሱን ለጠበቆች እተዋለሁ። ክርክሩ ወዴትም ቢያዘነብል ባለሱቁ የሚጠየቀው መዝገቡን ነው፤ የእሱ መዝገብ ደግሞ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

«አዎ» የሚል ዓምድ ብቻ መያዝ

መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ ስም፣ ስልክ፣ ፈቃድ። በፈቃድ ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች «አዎ» ተጽፏል። አንዱን ጽፎ በማውዝ ወደ ታች የጎተተው መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም፤ ስልክ ቁጥር በሌለው ረድፍ ላይም «አዎ» ነበር።

ሴትዮዋ መቼ ፈቀደች? አይታወቅም። ምን አንብባ ፈቀደች? ገንዘብ መቀበያው አጠገብ «ስልክዎን ይጻፉ፣ ዕጣ ይድረስዎ» የሚል ወረቀት ነበር፤ ቁጥሮቹ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጡ በኋላ ተጥሏል። ደግሞም ለዕጣ ስልኩን የሰጠ ሰው ስለ ዕጣው እንዲደወልለት ፈቀደ እንጂ በየሳምንቱ የበርበሬ ዋጋ እንዲነገረው አልፈቀደም።

የንግድ ማስታወቂያ በራስ ሰር መላኪያ ለመላክ በጽሑፍ የተሰጠና የተፈረመ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚሰጥ ፊርማም ይሠራል። ሰውየው ማስታወቂያ እንደሚላክለት በግልጽ ሊነገረው፣ መፍቀዱም ዕቃ ለመግዛት ግዴታ እንዳልሆነ ሊጻፍለት ይገባል። ለሱቁ ያዘጋጀነው አዲስ ቅጽ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ ሱቅ የቅናሽና የበዓል ማስታወቂያ በራስ ሰር በሚላክ የጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰኝ ፈቅጃለሁ። ይህ ፈቃድ ዕቃ ለመግዛት ግዴታ አይደለም። በወር ከ4 መልእክት አይበልጥም። ለማቆም STOP ወይም አቁም ብዬ መመለስ እችላለሁ።» ከሥሩ ስልክ፣ ቀን፣ ፊርማ።

በመዝገቡ ውስጥ አንዲት ደንበኛ አሁን የምትታየው እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ የተቀመጠ ነው፦

```
phone:     +12025550143
when:      2025-03-02 14:10 EST
how:       paper, counter
text:      v3 (form-v3.jpg)
purpose:   promo
confirmed: 2025-03-02 14:12 "አዎ"
stopped:
```

ብዙዎች የሚዘሉት `text` የሚለውን መስመር ነው። ቅጹ በየጊዜው ይቀየራል፤ ዛሬ ያለው ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በፊት ደንበኛዋ ያነበበችው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቅጽ እትም ፎቶ ተነስቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መዝገቡም የትኛውን እንዳነበበች ይናገራል። `confirmed` የሚለው ደግሞ ስልኳ ላይ «ማስታወቂያ እንዲደርስዎ ከፈለጉ አዎ ብለው ይመልሱ» የሚል መልእክት ደርሷት የመለሰችው ነው። ግዴታ ባይሆንም በእጅ ጽሑፍ 1ን ከ7 መለየት አቅቶት የማያውቁት ሰው ጋ ከመላክ ያድናል።

ይህ ሁሉ የሚቀመጠው እስከ መቼ ነው? በዚህ ሕግ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን መልእክቱ ከተላከበት ቀን ነው። ዛሬ ለላኩት መልእክት መነሻ የሆነው የቆየ ወረቀት ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ አራት ዓመት መቆየት አለበት ማለት ነው።

ለማድረሻ የተሰጠን ስልክ ለማስታወቂያ መጠቀም

እንጀራው ደርሷል ለማለት የተወሰደ ቁጥር ለዚያው ነው የተወሰደው። `purpose` የሚለው መስመር ያለው ለዚህ ነው። የትእዛዝ ስልኮችንና የማስታወቂያ ስልኮችን በአንድ ገጽ ላይ ያዋሃደ ባለሱቅ በኋላ መለየት አይችልም፤ እኛም ስላልቻልን የቆየውን ዝርዝር በሙሉ ትተን ከዜሮ ጀመርን። ባለቤቱ ለሳምንት ያህል አኩርፎኝ ነበር።

እምቢታን ለማሽን ብቻ መተው

የሴትዮዋ መልስ የጠፋው እዚህ ላይ ነው። የመላኪያ አገልግሎቶች STOP፣ CANCEL፣ END፣ QUIT፣ UNSUBSCRIBE የሚሉትን ያውቃሉ። መልሱ ከነዚህ አንዱን ብቻ ከያዘ ቁጥሩን ራሳቸው ያግዳሉ። «STOP please እናንተ ሰዎች» የሚል ከሆነ ግን ብዙዎቹ ያልፉታል። አማርኛማ ጭራሽ አይታያቸውም። ሕጉ በበኩሉ በማሽኑ መዝገበ ቃላት አይወሰንም። ከሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆች 11 ኤፕሪል 2025) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ሰው በማንኛውም ምክንያታዊ መንገድ እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ላኪው «በዚህ ቃል ብቻ ካልሆነ አልሰማም» ማለት አይችልም፤ ጥያቄውንም ቢዘገይ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

የሱቁን የአንድ ዓመት ገቢ መልእክቶች ተቀምጠን አነበብናቸው። «አቁሙ»፣ «አይላክልኝ»፣ «ስሜን ሰርዙልኝ»፣ «ይበቃል»፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ `atlakulgn`፣ `akumu`። አንዱ ምንም ሳይጽፍ የተዘረጋ መዳፍ ምስል ብቻ ልኳል። እሱም እምቢታ ነው።

ታዲያ ቃላቱን ለማሽኑ ማስተማር አይበቃም? በከፊል ይበቃል። መጀመሪያ ፊደላቱን አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። «ሰርዙኝ» እና «ሠርዙኝ»፣ «አቁም» እና «ዐቁም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ ከነዘሮቻቸው መልሶ፣ አራት ነጥቡንም አውጥቶ ነው ማመሳሰል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ችግር ግን የቋንቋው ነው። «ይበቃኛል» የሚለውን ቃል ብናስገባ «አንድ ኪሎ ሽሮ ይበቃኛል» ያለችውን ደንበኛ ከዝርዝሩ ያወጣታል። «አልፈልግም» ብንል «ነጭ ጤፍ አልፈልግም፣ ሰርገኛ ካለ» ያሉትን አዛውንት ያግዳል። ስለዚህ በሁለት ከፈልነው። መልሱ በሙሉ «አቁም»፣ «አትላኩልኝ» ወይም የእነዚህ ቅርጽ ከሆነ ማሽኑ ወዲያው ያቆማል። ከነዚህ ቃላት አንዱ በረዥም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከመጣ ደግሞ ቁጥሩ ለጊዜው ይታገድና ሰው ያነበዋል። አንብቦም ከተጠራጠረ ይቁም። አንድ ደንበኛ የፋሲካ ቅናሽ ቢያመልጠው የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ነው።

በቃል የሚነገር እምቢታም አለ። «ልጄ፣ ያንን መልእክት ተዉኝ» ያሉ እናት ገንዘብ ተቀባይዋን «እሺ እማማ» አስብለው ሄደዋል፤ የትም አልተጻፈም። አሁን መቀበያው ሥር ደብተር አለ፤ ማታ ማታ ወደ መዝገቡ ይገባል።

እምቢ ያለን ሰው መሰረዝ

ይህ ከቅንነት የሚመጣ ስህተት ነው። ደንበኛዋ አትላኩልኝ አለች፣ ባለሱቁ አክብሮ ረድፏን ከኤክሴሉ አጠፋው። በሦስተኛው ወር የወንድሙ ልጅ ኮምፒውተር ላይ የነበረውን የቆየ ቅጂ ከፍቶ ጫነው። ሴትዮዋ ተመለሰች። መዝገቡ እምቢ ማለቷን ስላጠፋው የሚያስታውስ የለም።

እምቢ ያለ ሰው መታወስ አለበት። ረድፉ ይቆያል፣ `stopped` ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የጻፈችው ቃል እንዳለ ይገባል። ቁጥሩም «የማይላክላቸው» በሚል የተለየ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። ዋናው ነገር ይህ ዝርዝር የሚታይበት ጊዜ ነው። ቁጥሮች ሲጫኑ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ዙር ሊላክ ሲል መታየት አለበት፤ በመጫንና በመላክ መካከል ባለው ጊዜ እምቢ የሚል አይጠፋምና።

የመላኪያ አገልግሎቱ የያዘው የእምቢታ ዝርዝር ላይ መተማመንም እዚሁ ይመደባል። እገዳው በአብዛኛው የሚሠራው መልእክቱ በተላከበት ቁጥር ላይ ነው። መላኪያ ቁጥር ከተቀየረ ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት ከተዛወሩ እገዳው አይከተልዎትም። የድሮውን ሒሳብ ከመዝጋትዎ በፊት ዝርዝሩን ያውርዱ። የሱቁ ባለቤት ዋጋ ረክሶለት አገልግሎት ሲቀይር ያላወረደው ይህንን ነበር።

በስንብት መልእክት ላይ መገበያየት

«ከዝርዝራችን ወጥተዋል» የሚል አንድ ማረጋገጫ መላክ ይፈቀዳል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከተላከ አያነጋግርም። «ከመሄድዎ በፊት 10 በመቶ ቅናሽ» ከተጨመረበት ግን ማስታወቂያ ሆነ፣ እሱም ፈቃድ ለሌላት ሴት የተላከ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የገንዘብ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ወደ 70 ይወርዳል፣ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ በየክፍሉ ይከፈልበታል። አማርኛ ላኪዎች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚቆርጡት «ለማቆም አቁም ይበሉ» የሚለውን ነው። እባክዎ የምርቃቱን ቃል ይቁረጡ።

ስልኩ ባለቤት መቀየሩን መርሳት

የተቋረጠ ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የድሮዋ ባለቤት ፈቃድ ለአዲሱ አይተላለፍም። ኮሚሽኑ ያቋቋመው በክፍያ የሚታይ የተዛወሩ ቁጥሮች መዝገብ አለ፤ ቁጥሩንና ፈቃዱን ያገኙበትን ቀን ሲሰጡት ከዚያ ወዲህ ተቋርጦ እንደሆነ ይናገራል። ቀን የሌለው መዝገብ ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንኳ አይችልም።

ለፋሲካ ከመላካችን ሁለት ቀን በፊት በራሴ ስልክ «እባካችሁ ከእንግዲህ አትላኩልኝ» ብዬ ለሱቁ መለስኩ፤ ሴትዮዋ የጻፈችውን ቃል በቃል። የቅዳሜው መልእክት ለባለቤቱ ሚስት ደረሰ፣ ለወንድሙ ልጅ ደረሰ፣ ለእኔ አልደረሰም።