የመንገድ ኤሌቬሽናችሁ ላይ ሕንፃዎቹ ተቆርጠው የተለጠፉ የሚመስሉ ከሆነ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎን ለጎን የቆሙ አራት አምስት ሕንፃዎችን ከፊት ለፊታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ስትስሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ቆንጆ ሆኖ አንድ ላይ ግን አልገጥም ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ መስመሩ ምንም አልሆነም። ብርሃኑ ነው የተበታተነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ፒያሳ አካባቢ ይታይ የነበረውን ዓይነት ሰልፍ እንውሰድ። ከግራ ስንጀምር "ሀ" 7 ሜትር ከፍታ ያለው ባለአንድ ፎቅ ቤት ነው፤ የእንጨት በረንዳው ከግድግዳው 1.2 ሜትር ወጥቶ እስከ ቀኝ ጥጉ ድረስ ይሄዳል። "ለ" 4.5 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሱቅ ነው። "ሐ" 16 ሜትር የሚደርስ ሕንፃ ነው። "መ" 6 ሜትር ከፍታ ያለው ቆርቆሮ ቤት ሲሆን ከሌሎቹ 2 ሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሏል። ሦስቱ ግን ፊታቸው በአንድ መስመር ላይ ነው። ስኬላችን 1:100 ነው፣ ማለትም 1 ሜትር በወረቀቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ምልክት፦ አንዱ ቤት ላይ ጥላው ወደ ቀኝ፣ ሌላው ላይ ወደ ግራ ይወድቃል

መንስኤው ፎቶው ነው። አንዱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተነስቷል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ሁሉም ከነጥላው ተቀድቷል። ስልኩም የራሱን ይጨምራል። አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ስትቆሙ ቀለሙን በራሱ ጊዜ ያስተካክላል፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ደግሞ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ እናንተ ያንን እንደ ግድግዳው ትክክለኛ ቀለም ትወስዱታላችሁ።

ፎቶውን ለቀለምና ለቁሳቁስ ብቻ ተጠቀሙበት። ደመና ባለበት ቀን፣ ሁሉንም በአንድ ዙር አንሱ፤ ያኔ ጉልህ ጥላ አይኖርም። የስልኩን የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ቆልፉት። በየፎቶው ጥግ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ብታስይዙ በኋላ ለማመሳሰል ይረዳችኋል። ጥላውን ግን ከፎቶ አትቅዱ፣ ራሳችሁ ሥሩት። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ሜትር ነው። የበረንዳው መውጣት፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ የበርና የመስኮቱ ጥልቀት መለካት አለበት።

ምልክት፦ ጥላ አለ፣ ግን በረንዳው አሁንም ግድግዳው ላይ የተሳለ ይመስላል

እዚህ ላይ ጥላው በግምት ነው የተሠራው። በሥዕል ቤት የተለመደው ስምምነት ብርሃኑ ከላይ ከግራ በ45 ዲግሪ እንዲመጣ ነው፣ ምክንያቱም ሒሳቡ ቀላል ነው። ነገሩ ከግድግዳው የወጣውን ያህል ጥላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። የ"ሀ" በረንዳ 1.2 ሜትር ስለወጣ ጥላው 12 ሚሊ ሜትር ወደ ታች፣ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ይሆናል። 15 ሳንቲ ሜትር ገባ ያለ መስኮት ደግሞ ከላይና ከግራ በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር ጥላ ብቻ ይኖረዋል። መስኮቱንም በረንዳውንም እኩል ጥላ ከሰጣችኋቸው ሁለቱም ጥልቀታቸውን ያጣሉ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ቦታ መጣን። የ"ሀ" በረንዳ እስከ ጥጉ ስለሚሄድ ጥላው ድንበሩን አልፎ የ"ለ" ድንጋይ ግድግዳ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ይገባል። አትቁረጡት! ብዙዎች ቤት በቤት ስለሚሠሩ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ያቆሙታል፣ ሁለቱን ቤቶች በአንድ ፀሐይ ሥር የሚያቆማቸው ግን ይሄ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሌላም ነገር አለ። የ"ለ" በር 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ከሆነና ጥላው እሱ ላይ ከደረሰ፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ አያልፍም። ከበረንዳው እስከ በሩ ያለው ጥልቀት 1.5 ሜትር ስለሆነ የጥላው ጠርዝ በሩ ላይ ሲደርስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይዘላል። ያቺ ትንሽ ስብራት በሩን ወደ ውስጥ ታስገባዋለች።

"እውነተኛው የአዲስ አበባ ፀሐይ እንዲህ አይደለም" የሚል ካለ ልክ ነው። ወደ ደቡብ የሚያይ ፊት ላይ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን፣ ፀሐይዋ 57 ዲግሪ ከፍ ብላ ከፊት ለፊት ትመጣለች፣ የዚያው በረንዳ ጥላም ወደ 1.9 ሜትር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በሰኔ እኩለ ቀን ያው ፊት ጭራሽ ፀሐይ አያገኝም። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን ለአራቱም ቤት አንዱን ብቻ።

ምልክት፦ ረጅሙ ሕንፃ ጎረቤቱን ዋጠው

ረጅም ስለሆነ ብቻ ጎረቤቱ ፊት ላይ ጥላ ተሳለበት። ቁመት ብቻውን ጎረቤት ፊት ላይ ጥላ አይጥልም፤ ወጣ ማለት ነው የሚጥለው። "ሀ" ከ"ለ" ይረዝማል፣ ፊታቸው ግን እኩል ስለሆነ የ"ሀ" ግድግዳ ጥላ የሚያርፈው የ"ለ" ጣሪያ ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ የሚደርሰው የበረንዳው ብቻ ነው።

"መ" ላይ ግን ነገሩ ይለያል። 2 ሜትር ገባ ስላለ የ"ሐ" ጥላ በግራ ጠርዙ በኩል 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። "ሐ" 16 ሳይሆን 5 ሜትር ቢሆን ኖሮ የጥላው አናት ድንበሩ ላይ ከ5 ሜትር ጀምሮ በ45 ዲግሪ እያዘቀዘቀ 3 ሜትር ላይ ይደርስና ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። ፕላኑን ሳታዩ ይሄን ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ የሰልፉን ፕላን ከኤሌቬሽኑ በታች በዚያው ስኬል አስቀምጡ።

ምልክት፦ አቅጣጫው ልክ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ መብራት ያለው ይመስላል

ጥላው ለየቤቱ በተለየ ቀለም ተቀብቷል፤ ቢጫው ላይ ቡኒ፣ ነጩ ላይ ግራጫ፣ ሰማያዊው ላይ ጥቁር። መጀመሪያ የሁሉንም ግድግዳ ቀለም ያለ ጥላ ጨርሱ። በኮምፒውተር ከሆነ ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ክፈቱ፣ `Multiply` አድርጉት፣ የሰልፉን ጥላ በሙሉ ወደ ሰማያዊ ባደላ በአንድ ግራጫ ሙሉት። በውሃ ቀለም ከሆነ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና በአንድ ሳህን በብዛት በጥብጡ፣ የታችኛው በደንብ ሲደርቅ ከ"ሀ" እስከ "መ" ሳታቋርጡ ቀቡ። በመሃል ካለቀባችሁ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ይሄ የሚሠራው ጥላው ሁሉንም በእኩል ድርሻ ስለሚቀንስ ነው። የነጩ ግድግዳ ድምቀት 90 ቢሆንና ጥላው በግማሽ ቢቀንሰው 45 ይሆናል፣ የቡኒው 30 ደግሞ 15። ልብ በሉ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ፀሐይ ላይ ካለው ቡኒ አሁንም ይበልጣል። ዓይናችሁ "ጥላ ነው፣ ይጥቆር" ቢላችሁ አትስሙት። የመስኮት መስታወት ብቻ ለየት ይላል፣ ጥላውን ብዙም አያሳይም፣ እዚያ ላይ ቀነስ አድርጉት።

ምልክት፦ አንድ ሆኑ፣ ግን መልካቸው ጠፋ

መድኃኒቱ በዝቷል። ብዙ ጊዜ ከጥላው በተጨማሪ "ፀሐይ እንዲመስል" ተብሎ ብርቱካናማ ቀለም በሁሉም ላይ ይፈስሳል፣ ድንጋዩም እንጨቱም ቆርቆሮውም አንድ ይሆናሉ። እሱን አጥፉት። ካስፈለገም `Opacity` በጣም ዝቅ ይበል። ከዚያ ጥላው ውስጥ ግቡ፦ የድንጋዩን መጋጠሚያ፣ የእንጨቱን ስንጥቅ፣ የቆርቆሮውን ሞገድ በስስ መስመር መልሱ። ፀሐይ ያረፈበትን ግን ብዙ አትንኩት።