ብስኩቱ ላይ ያለው «ኢ 471» ከምን ተሠራ?

ጀርመን ውስጥ ለልጆቼ የምገዛው ብስኩት ላይ «ኢ 471» የሚል ነበር። ይህ ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ፣ ከስብ የሚሠራ ነገር ነው። ስቡ የዘንባባ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ የአሳማም ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ሕግ ምንጩ እንዲጻፍ አያስገድድም። ቁጥሩ ብቻውን ሐላል ወይም ሐራም መሆኑን አይነግርም ማለት ነው።

መጀመሪያ «ቪጋን» የሚል፣ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ነገር እንደሌለበት የሚያሳይ ምልክት ፈለግኩ። አልነበረውም። ከዚያ ለአምራቹ ኢሜይል ጻፍኩ። የምርቱን ስምና የባርኮዱን ቁጥር ሰጥቼ «ኢ 471 ከዕፅዋት ነው ወይስ ከእንስሳ? ከእንስሳ ከሆነ ከየትኛው?» ብዬ ጠየቅኩ። ከዘንባባ ዘይት ነው ብለው በጽሑፍ መለሱልኝ። ጥያቄው እንዲህ ጠበብ ሲል መልሱም ግልጽ ይሆናል። «ሐላል ነው?» ብቻ ካላችሁ ብዙዎቹ «የምስክር ወረቀት የለንም» ብለው ያልፉታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቪጋን የሆነ ነገርም አልኮል ሊኖረው ይችላል። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ሥጋ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ማሸጊያው ላይ ያለው ሞላላ ማኅተም ፋብሪካውን እንጂ አስተራረዱን አይናገርም። ሥጋ ቤቱ የሐላል ምስክር ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የድርጅት ስም የሥጋው ካርቶን ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ የሥጋው ዓይነት መጠቀሱንና ቀኑ አለማለፉን እዩ። ካልገጠመ እኔ አልገዛም።