ረጅም ተከታታይ ፊልም ከየትኛው ይጀመራል? የእይታ ተራ እንዴት እንደሚመረጥ

ብዙ ክፍል ያለውን ፊልም ለማየት የሚነሣ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ፊልሞቹን በወጡበት ዓመት ተራ ማየት ነው፤ ሌላው ታሪኩ በተፈጸመበት ተራ መሄድ። አብዛኛው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይይዝና እስከ መጨረሻው አይለቅም። እኔ ግን ተራ መምረጥ የሚያስፈልገው ሁለቱ በሚጋጩባቸው ክፍሎች ላይ ብቻ ነው እላለሁ። እነዚያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ናቸው። በፋስት ኤንድ ፊውሪየስና በስታር ዋርስ ላሳያችሁ። የሁለቱንም ምስጢር ስለማወጣ፣ ያላያችኋቸው ካላችሁ አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ።

1. ሁለቱን ተራዎች ጎን ለጎን ጻፉ

የእያንዳንዱን ፊልም የወጣበት ዓመት ጻፉና አጠገቡ ታሪኩ ከየትኛው ክፍል በኋላ እንደሚመጣ አስፍሩ። ታሪኩ የሚፈጸምበት ዓመት ተለይቶ ባይታወቅም ችግር የለውም፤ የሚፈለገው ከምን በፊትና ከምን በኋላ እንደሆነ ነው።

በርዕስ ግን አትመሩ። የፋስት ኤንድ ፊውሪየስ 4ኛ ክፍል ርዕሱ ላይ ቁጥር ስለሌለው ከመጀመሪያው ጋር በቀላሉ ይምታታል። ፊልሞቹን በፍላሽ ያስገለበጣችሁ ከሆነማ የፋይሉን ስም ማመን ጨርሶ አያዋጣም፤ ከፈት አድርጎ ማየት ነው የሚሻለው። በተራራ መንገድ ላይ የነዳጅ ቦቴ በመዝረፍ ከጀመረ 4ኛው ነው። ሪዮ ውስጥ የባንክ ካዝና በመኪና የሚጎተትበት 5ኛው ነው። ታንክ አውራ ጎዳና ላይ መኪና የሚጨፈልቅበት ደግሞ 6ኛው።

ዝርዝሩ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሰባት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001፣ 2003፣ 2006፣ 2009፣ 2011፣ 2013 እና 2015 ወጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ቦታውን የለቀቀው አንድ ብቻ ነው፤ በ2006 የወጣው ቶኪዮ ድሪፍት። በወጣበት ተራ 3ኛ ነው፣ በታሪኩ ግን ከ6ኛው በኋላ ይመጣል። የሌሎቹ ስድስት ሁለቱም ተራ አንድ ስለሆነ ስለእነሱ መጨነቅ አያስፈልግም።

2. የተጋጨው ክፍል ለምን እንደተጋጨ እወቁ

በቶኪዮ ድሪፍት ላይ ሃን የሚባል ረጋ ያለ፣ አፉ ከመክሰስ የማይለይ ገጸ ባሕርይ አለ። በፊልሙ ውስጥ መኪናው ተገጭታ ይሞታል። ተመልካቹ ግን ስለወደደው ዳይሬክተሩ ጀስቲን ሊን ተከታዮቹን ክፍሎች ሲሠራ መለሰው። ለሞተ ሰው ያለው መፍትሔ ታሪኩን ወደ ኋላ መግፋት ነበር፤ ስለዚህ 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ክፍል ሃን ቶኪዮ ከመሄዱ በፊት የሆኑ ተደረጉ።

በወጡበት ተራ ያየ ሰው 3ኛው ላይ የቀበረውን ሰው 4ኛው ላይ ቆሞ ሲያገኘው ግራ ይጋባል። በታሪኩ ተራ ያየ ግን ሃንን በሦስት ፊልም ይለምደዋል፣ ከጂዜል ጋር ያለውን ፍቅር ያያል፣ 6ኛው ላይ እሷን ሲያጣ ያዝናል፣ ከዚያ ቶኪዮ ሲሄድ ይከተለዋል። በቶኪዮ ድሪፍት መጨረሻ የተከታታዩ ዋና ገጸ ባሕርይ ዶም ሃን ቤተሰቡ እንደነበር አስነግሮ ብቅ ሲልም፣ በ2006 ባዶ የነበረው ንግግር ሙሉ ትርጉም አግኝቶ ይሰማል። እዚህ ላይ የታሪኩ ተራ ያሸንፋል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። 6ኛው አልቆ የሠራተኞቹ ስም ማለፍ ሲጀምር የምትመጣ አጭር ትዕይንት አለች። የሃንን መኪና ማን እንደገጨ ታሳያለች፣ ተዋናዩ ጄሰን ስታተምም ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚያ ነው። እሷን ካያችሁ የሃንን ሞት ቀድማ ትነግራችኋለች። ስለዚህ ስሞቹ መታየት ሲጀምሩ አቁሙ፣ ቶኪዮ ድሪፍትን እዩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ያቺን ትዕይንት ካያችሁ በኋላ 7ኛውን ክፈቱ። በተረፈ ከ2013 ወደ 2006 መመለሱ ራሱ ይሰማል፤ ስልኩ አሮጌ ነው፣ ዋናው ተዋናይም የማታውቁት የትምህርት ቤት ልጅ ነው። አብሯችሁ ለሚያይ ሰው ቀድማችሁ ብትነግሩት ፊልሙ ተሳስቶ የተከፈተ አይመስለውም።

3. ኋላ የተሠራው ፊልም ተመልካቹን ምን ያውቃል ብሎ ይነሣል?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ስታር ዋርስ በ1977፣ 1980 እና 1983 ሦስት ፊልም አወጣ፤ ቁጥራቸው ከ4 እስከ 6 ነው። ከ1999 እስከ 2005 የወጡት ሦስቱ ደግሞ ቀድሞ የሆነውን ታሪክ ይተርካሉ፤ ቁጥራቸውም ከ1 እስከ 3 ነው። ቁጥሩን የተከተለ አዲስ ተመልካች በ1999ኙ ይጀምራል። የሚያጣው ቀላል አይደለም። የ1980ው ፊልም የተገነባው ክፉው ዳርዝ ቬደር የጀግናው የሉክ አባት መሆኑ በሚገለጥበት ቅጽበት ላይ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ያሉት ግን ይህንኑ ምስጢር ምስጢር አድርገው አይዙትም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለው የተሠሩ ናቸው። ሉክ ረግረጉ ውስጥ ያገኘው ነዝናዛ ሽማግሌ ራሱ የሚፈልገው መምህር ዮዳ መሆኑም ቀልዱ ይጠፋል።

እንግዲህ ኋላ የተሠራው ፊልም የፊተኛውን ምስጢር እንደታወቀ ቆጥሮ ከተነሣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በወጡበት ተራ ቢያይ ይሻለዋል። ቶኪዮ ድሪፍት ላይ ግን በ2006 የተደበቀና በታሪኩ ተራ ሲታይ የሚፈርስ ምስጢር የለም፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ለስታር ዋርስ እኔ የምወደው ሦስተኛ መንገድ ነው፦ 4፣ 5፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3፣ ቀጥሎ 6። 5ኛው «አባትህ ነኝ» በሚለው ድንጋጤ ሉክን ቆስሎ ይተወዋል፤ እውነት ነው ወይስ ውሸት እያላችሁ ሳለ ሦስቱ ፊልሞች አባትየው እንዴት እንደወደቀ ይነግሯችኋል። ሌላም ጥቅም አለው። በ2004 በዲቪዲ ሲወጣ የ6ኛው መጨረሻ ላይ የነበረው የአባትየው መንፈስ በወጣቱ ተዋናይ በሄይደን ክሪስተንሰን ተተክቷል፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ይኸው ቅጂ ነው። 1977፣ 1980፣ 1983 ብሎ በተራ ያየ ሰው ይህ ወጣት ማን ነው ማለቱ አይቀርም። በሦስተኛው መንገድ የመጣ ግን በደንብ ያውቀዋል። ዋጋው የሉክና የሊያ መንትያነት ቀድሞ መታወቁ ነው፤ እሱ ለእኔ የሚቻል ነው።

4. የሠራተኞቹ ስም ሲያልፍ የምትመጣውን ትዕይንት መርምሩ

እነዚህ አጫጭር ትዕይንቶች ብዙውን ጊዜ የሚያገለግሉት የወጡበትን ተራ ነው። በማርቭል ፊልሞች ካፕቴን ማርቭል ታሪኩ በ1995 ስለሆነ በታሪኩ ተራ መጀመሪያ አካባቢ ይገባል። ፊልሙ የወጣው ግን በ2019 ነው፣ በስሞቹ መሐል የምትመጣው ትዕይንትም በ2018 ከወጣው ኢንፊኒቲ ዋር በኋላ የሆነ ነገር ታሳያለች። በታሪኩ ተራ የምታዩ ከሆነ ዋናው ታሪክ እንዳለቀ ዝጉት።

5. ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ

ምስጢሩን ካወቃችሁት በኋላ የታሪኩ ተራ ደስ ይላል። ስታር ዋርስን ከ1 እስከ 6 ስታዩት ዋናው ሰው ሉክ መሆኑ ይቀርና የአባትየው አወዳደቅና መመለስ ይሆናል፤ ሌላ ፊልም ያየ ሰው ያህል ይሰማችኋል። አንዳችሁ አይታችሁ ሌላው ካላየ ግን ተራው የሚመረጠው ላላየው ሰው ነው።