ሶሉሽን ስታዘጋጁ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዘንድሮም ደብረ ብርሃን የማስተምራቸው ልጆች ያንኑ ስህተት ደገሙት። ያዘዝኳቸው 0.1 ሞላር ከሆነው የኮፐር ሰልፌት ስቶክ 100 ሚሊ ሊትር የ0.02 ሞላር ሶሉሽን እንዲያዘጋጁ ነው። ስሌቱን ሁሉም በትክክል ሠሩት፤ በ`C1V1 = C2V2` 20 ሚሊ ሊትር ስቶክ እንደሚያስፈልግ አገኙ። ከዚያ አንዷ 20ውን በፒፔት ቢከር ውስጥ አድርጋ፣ ሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታ ጨመረችበት። “ቲቸር፣ 100 ነው ያሉት እኮ” አለችኝ።

100 ያልኩት የሶሉሽኑን መጠን እንጂ የውሃውን አይደለም! አሁን ቢከሩ ውስጥ ያለው 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሞላሪቲውም 0.1 × 20 ÷ 120፣ ማለትም ወደ 0.017 ወርዷል። 20ው ሚሊ ሊትር መግባት የነበረበት 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ ነው። ከዚያ ዲስቲልድ ውሃ እየጨመሩ አንገቱ ላይ ያለው መስመር ሲደርሱ ማቆም ነው። ስንት ውሃ እንደገባ ማወቅ አያስፈልግም።

ጠጣር ነገር ሲሟሟም ነገሩ ያው ነው። የማያምን ሰው በስኳር ይሞክረው፤ 34.2 ግራም ስኳር፣ ማለትም 0.1 ሞል፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢያሟሟ የሚያገኘው 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 1 ሞላር የመሰለው ከ0.8 ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ይሆናል።

ስቶኩን ስታዘጋጁ ደግሞ የዕቃውን ጽሑፍ አንብቡ። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት `CuSO4·5H2O` ነው፤ አንዱ ሞል 249.7 ግራም ይመዝናል። ለ250 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ሶሉሽን 6.24 ግራም ያስፈልጋል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ውሃ አልባውን 159.6 ይዤ 3.99 ግራም መዘንኩ፤ ሶሉሽኔም 0.064 ሞላር ብቻ ሆነ። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ስለሆነ ዓይኔ አላስጠነቀቀኝም። ያወቅኩት ከጓደኛዬ ፍላስክ ጎን አስቀምጬ ሳመሳስለው ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውሃው እጅ ያደነዝዛል፤ ክሪስታሉም ቶሎ አይሟሟም። ስለዚህ ልጆቹ ውሃውን ያሞቁታል። ማሞቁ ጥፋት የለበትም፤ ግን ቢከር ውስጥ አሟሙት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ፍላስኩ ገልብጡና ቢከሩን በትንሽ ውሃ እያለቀለቃችሁ እሱንም ጨምሩ። በ50 ዲግሪ እስከ መስመሩ የተሞላ 250 ሚሊ ሊትር ሲቀዘቅዝ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ይጎድላል፤ ሶሉሽኑም በዚያው ልክ ይወፍራል።

ውሃው ከመስመሩ ካለፈ ትርፉን በፒፔት አትምጠጡ፤ ከውሃው ጋር ኮፐር ሰልፌቱም ይወጣል። ድፉትና እንደ አዲስ መዝኑ። መስመሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ክዳኑን ይዛችሁ ደጋግማችሁ ገልብጡት፤ ካልተገለበጠ ታችኛው ወፍራም፣ አንገቱ ላይ ያለው ውሃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።