ሚኒባሶቹ ለምን ቶሎ አይረጉም? የስቶካስቲክ ማትሪክስ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር በእንጅባራ አድርጎ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው መስመር 100 ሚኒባሶች ይሠራሉ እንበል። ማታ የሚያድሩት ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ያደረ መኪና ነገም እዚያው የማደር ዕድሉ 0.9 ነው፤ እንጅባራ የማደር ዕድሉ ደግሞ 0.1። እንጅባራ ያደረው በ0.2 ዕድል ባሕር ዳር፣ በ0.1 ደብረ ማርቆስ ያድራል፤ በቀረው 0.7 እዚያው ይቆያል። ደብረ ማርቆስ ያደረው በ0.9 እዚያው፣ በ0.1 እንጅባራ ነው። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው እንጂ ከመናኸሪያ መዝገብ የወጡ አይደሉም።

```python
import numpy as np
P = np.array([[0.9, 0.1, 0.0],
              [0.2, 0.7, 0.1],
              [0.0, 0.1, 0.9]])
print(P.sum(axis=1))
print(np.linalg.eigvals(P))
```

ረድፎቹ በቅደም ተከተል ባሕር ዳር፣ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ናቸው። አይገን ቫልዩ ማለት ማትሪክሱ አንድን ቬክተር ቅርጹን ሳይለውጥ የሚያባዛበት ቁጥር ነው። የዚህ ማትሪክስ አይገን ቫልዩዎች 1፣ 0.9 እና 0.6 ይሆናሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚያወጣበት ቅደም ተከተል ግን ሊለያይ ይችላል። እንዲህ ረድፎቹ የዕድል ቁጥሮች ሆነው የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር 1 የሆነ ማትሪክስ ስቶካስቲክ ይባላል። ይህን ይዘው የሚሠሩ ተማሪዎች የሚገጥማቸውን ችግር ከምልክቱ ተነስተን እንየው።

ምልክት፦ አይገን ቫልዩ 1 አልወጣም፤ ወይም መኪኖቹ ቀን በቀን እያነሱ ይሄዳሉ

መጀመሪያ 1 ለምን መውጣት እንዳለበት እንይ። ዛሬ ባሕር ዳር ያደረ መኪና ነገ የሆነ ቦታ ማደሩ አይቀርም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር 1 ነው። አሁን ሦስቱም ቁጥሮቹ 1 የሆኑ ቬክተር እንውሰድና በ`P` እናባዛው። የመጀመሪያው ረድፍ 0.9 + 0.1 + 0 ይሰጣል፤ ይህ 1 ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። ቬክተሩ ሳይለወጥ ተመለሰ ማለት ነው። በ1 ተባዝቶ ተመለሰ ብንልም ያው ነው፤ አይገን ቫልዩ 1 ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ለዚህ የረድፎቹ ድምር ብቻ ይበቃል። ከተሞቹ ሦስት ይሁኑ ሦስት ሺህ ለውጥ የለውም።

ከ1 የሚበልጥስ ለምን አይኖርም? `P` በቬክተር ሲባዛ የእያንዳንዱን ከተማ ቁጥር በከተሞቹ ቁጥሮች አማካይ ይተካዋል። አማካይ ደግሞ ከትልቁ ቁጥር ሊበልጥ አይችልም። በየቀኑ እያደገ የሚሄድ ነገር ስለማይኖር የሁሉም አይገን ቫልዩ መጠን 1 ወይም ከዚያ በታች ነው።

እንግዲህ 1 ካልወጣ የረድፎቹን ድምር ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማጠጋጋት ላይ ነው። አንድ ሦስተኛን 0.33 ብሎ ሦስት ጊዜ የጻፈ ሰው ድምሩ 0.99 ይሆንበታል። ሁሉም ረድፎች እንዲህ ከሆኑ ትልቁ አይገን ቫልዩ 0.99 ነው። ትንሽ ስህተት ይመስላል፤ ነገር ግን በ100 ቀን ከ100 መኪና 37 ያህሉ ብቻ ይቀራሉ። መፍትሄው እያንዳንዱን ረድፍ ለራሱ ድምር ማካፈል ነው። ከዚያ በፊት ግን የጎደለው የት እንደሄደ ጠይቁ። መኪኖቹ አንዳንዴ ፍኖተ ሰላም የሚያድሩ ከሆነ የጎደለው ከተማ ነው፤ ማካፈል ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። 0.9999999999999998 ከወጣ ግን አትጨነቁ። እሱ የኮምፒውተሩ ማጠጋጋት ነው።

እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። አይገን ቫልዩ 1 ይወጣል፤ ቬክተሩ ግን 0.577፣ 0.577፣ 0.577 ይሆናል። ይህን ያየ ሰው መኪኖቹ ለሦስት እኩል ይከፈላሉ ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ይህ ቅድም ያየነው ባለ 1 ቬክተር ነው፤ ርዝመቱ ብቻ ተስተካክሎ ነው። የመኪኖቹ ክፍፍል ከግራ የሚባዛ ስለሆነ `np.linalg.eig(P.T)` መጠቀም አለባችሁ። የማትሪክሱ ረድፎች ዓምድ ሲሆኑ አይገን ቫልዩዎቹ አይለወጡም፤ ቬክተሮቹ ግን ይለወጣሉ። ያገኛችሁትን ቬክተር ለድምሩ ስታካፍሉት 0.5፣ 0.25፣ 0.25 ይመጣል። ውሎ አድሮ 50 መኪና ባሕር ዳር፣ 25 እንጅባራ፣ 25 ደብረ ማርቆስ ያድራል ማለት ነው።

ምልክት፦ ይረጋል የተባለው ክፍፍል አልረጋ አለ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። 100ውም መኪኖች ደብረ ማርቆስ አድረው ይነሱ። አማካዩን እየተከተልን ስለሆነ ግማሽ መኪና ቢወጣ አይግረማችሁ።

| ቀን | ባሕር ዳር | እንጅባራ | ደብረ ማርቆስ |
|---|---|---|---|
| 1 | 0 | 10 | 90 |
| 5 | 11.9 | 23.1 | 65.0 |
| 10 | 26.9 | 24.8 | 48.3 |
| 20 | 41.9 | 25.0 | 33.1 |
| 40 | 49.0 | 25.0 | 26.0 |

እንጅባራን ብቻ የሚያይ ሰው በ10ኛው ቀን «ረግቷል» ብሎ ይሄዳል። በዚያው ቀን ግን ባሕር ዳር ገና ከሚገባው ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ምን ሆኖ ነው?

መልሱ ያለው በቀሩት ሁለት አይገን ቫልዩዎች ላይ ነው። የመነሻው ክፍፍል ሦስት ቁራጭ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው የረጋው 50፣ 25፣ 25 ነው፤ በ1 ስለሚባዛ አይነካም። ሁለተኛው በየቀኑ በ0.9፣ ሦስተኛው በ0.6 ይባዛል። ከ`n` ቀን በኋላ እንዲህ ይሆናል፦

```
ባሕር ዳር    = 50 - 66.67·0.9^n + 16.67·0.6^n
እንጅባራ     = 25 - 25·0.6^n
ደብረ ማርቆስ = 25 + 66.67·0.9^n + 8.33·0.6^n
```

የእንጅባራ መስመር ላይ 0.9 የለም። የ0.9 ቁራጭ ቅርጹ 1፣ 0፣ -1 ነው፤ ደብረ ማርቆስ የተረፈውና ባሕር ዳር የጎደለው መኪና እሱ ነው። እንጅባራ መሐል ላይ ስላለች ከአንዱ ተቀብላ ለሌላው ታሳልፋለች፤ የራሷ ቁጥር አይናጋም። የ0.6 ቁራጭ በ10 ቀን ውስጥ ወደ 0.006 ይወርዳል፤ የ0.9 ግን ገና 0.35 ላይ ነው። በመጨረሻ ፍጥነቱን የሚወስነው ከ1 ቀጥሎ ያለው ትልቁ አይገን ቫልዩ ብቻ ነው፤ ፖዘቲቭም ይሁን ነጌቲቭ መጠኑን ነው የምናየው። 0.9 ከሆነ የቀረው ስህተት በግማሽ ለመቀነስ 6.6 ቀን ያህል ይፈጃል።

ከዚህ የሚመጣ አደገኛ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ፕሮግራሙን «በአንድ ቀን ውስጥ በሁሉም ከተማ ያለው ለውጥ ከ1 መኪና ካነሰ አቁም» ብሎ ይጽፈዋል። በዚህ ደንብ ፕሮግራሙ በ20ኛው ቀን ይቆማል፤ ያን ቀን የባሕር ዳርም የደብረ ማርቆስም ለውጥ 0.9 መኪና ነውና። ነገር ግን ባሕር ዳር ገና 8 መኪና ይጎድላታል። ትልቁ ቀሪ አይገን ቫልዩ `λ` ከሆነ የቀረው ስህተት ከመጨረሻው ለውጥ `λ/(1-λ)` ጊዜ ይሆናል። ለ0.9 ይህ 9 ነው። የለውጥ ገደባችሁን በዚህ ቁጥር አካፍሉት። `λ`ን ካላወቃችሁት የዛሬውን ለውጥ ለትናንቱ አካፍሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውጤቱ ወደ `λ` ይጠጋል።

መነሻውም ሊያታልል ይችላል። 100ውም መኪና ከእንጅባራ ቢነሳ የ0.9 ቁራጭ ዜሮ ይሆናል። በ10ኛው ቀን 49.7፣ 25.5፣ 24.8 ታገኛላችሁ፤ ማትሪክሱ ፈጣን ይመስላል። ስለዚህ በአንድ መነሻ ብቻ አትፈትኑ። ከየከተማው እየተነሳችሁ ሞክሩ።

መፍትሄው የምትፈልጉት ነገር ላይ ይወሰናል። የረጋውን ክፍፍል ብቻ ከፈለጋችሁ ማባዛቱን ተዉትና እኩልታውን ፍቱ። ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ከሆነ 0.1 በባሕር ዳር ሲባዛ ከ0.2 በእንጅባራ ጋር ይተካከላል፤ ባሕር ዳር የእንጅባራ እጥፍ ነው ማለት ነው። በሌላው በኩል ሁለቱም 0.1 ስለሆኑ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ እኩል ናቸው። አለቀ፤ ማባዛት አላስፈለገም።

መኪኖቹ ራሳቸው ቶሎ እንዲረጉ ከተፈለገ ግን ስምሪቱ መለወጥ አለበት። የዝግመቱ መንስኤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው መተላለፊያ መጥበቡ ነው፤ ሁሉም በእንጅባራ ማለፍ አለበት። በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና የሚሄደውን መንገድ እንጨምር። ከባሕር ዳር 0.05 የሚሆነው ሌሊቱን እንጅባራ ሳያድር ደብረ ማርቆስ ይግባ፤ ከደብረ ማርቆስም 0.1 ወደ ባሕር ዳር ይሂድ።

```
0.85  0.10  0.05
0.20  0.70  0.10
0.10  0.10  0.80
```

የረጋው ክፍፍል አልተለወጠም፤ አሁንም 50፣ 25፣ 25 ነው። አይገን ቫልዩዎቹ ግን 1፣ 0.75 እና 0.6 ሆኑ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ የባሕር ዳር ስህተት ከ1 መኪና በታች እስኪሆን በፊት 40 ቀን ይፈጅ ነበር። አሁን 15 ቀን ይበቃል።

ምልክት፦ ቁጥሮቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ አይረጉም

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያደሩት ሁሉ በማግስቱ እንጅባራ ቢያድሩ፣ የእንጅባራዎቹ ደግሞ እኩል ተከፍለው ወደ ሁለቱ ቢሄዱ፣ አይገን ቫልዩዎቹ 1፣ 0 እና -1 ይሆናሉ። ሁሉም መኪና ከእንጅባራ ከተነሳ አንድ ቀን 100ው እንጅባራ ነው፤ በማግስቱ ማንም የለም። -1 በየቀኑ ምልክቱን ይለውጣል እንጂ አይቀንስም። በየቀኑ ግማሾቹ ባሉበት እንዲያድሩ ካደረጋችሁ ማትሪክሱ `(P + I)/2` ይሆንና አይገን ቫልዩዎቹ ወደ 1፣ 0.5 እና 0 ይለወጣሉ። የዚህ ማትሪክስ የረጋ ክፍፍል ግን አይለወጥም፤ በፊትም አሁንም 25፣ 50፣ 25 ነው። ይህን ዘዴ ግን ለሁሉም ማትሪክስ አታድርጉት። የቅድሙን 0.9 ወደ 0.95 ያወጣዋል፤ ይበልጥ ያዘገየዋል።

ምልክት፦ ውጤቱ በመነሻው ይለያያል

ይህ ሲሆን 1 ሁለት ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ማትሪክስ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ መካከል ያለው መንገድ ቢዘጋ፣ ደብረ ማርቆስ ያሉት እዚያው ይቀራሉ፤ የቀሩት ከባሕር ዳር እንጅባራ ይመላለሳሉ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ 1 አለው። ስንት ጊዜ ብታባዙ የደብረ ማርቆስ ቁጥር በመነሻው ላይ እንዳለ ይቆያል። ክፍሎቹን ለየብቻ አስሉ፤ ወይም የሚያገናኝ መስመር በእርግጥ ካለ የረሳችሁትን ቁጥር ማትሪክሱ ውስጥ አስገቡ። ያ ቁጥር እንደ 0.001 ያለ በጣም ትንሽ ከሆነ ሁለተኛው አይገን ቫልዩ 1 ባይሆንም ለ1 በጣም ይቀርባል። ያኔ ፕሮግራሙ የረጋ የሚመስል ውጤት ለብዙ ቀናት ያሳያችኋል፤ ልክ መሆኑን ከሁለቱም ወገን ተነስታችሁ በማነጻጸር ትለያላችሁ።