«ታታሪ ነኝ» ያለውን ሁሉ አትጣሉ፦ ማመልከቻ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የማመልከቻ ክምር ተሰጥቷችሁ «ለይታችሁ አምጡ» የተባላችሁ ጀማሪ የሰው ኃይል ሠራተኞች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በተለይ «ይሄማ ኮፒ ነው» እያላችሁ ወረቀት ለምትወረውሩት።

አንድ፦ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ያየ፣ ሰነፍ ያገኘ ይመስለዋል

ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። የሚለየው ልጅ ማመልከቻዎቹን ሦስት ቦታ ከምሯቸዋል። ትልቁ ክምር ላይ «ቴምፕሌት» የሚል ብጣሽ ወረቀት ለጥፏል። ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቀው «ወደ ውድቅ» አለኝ።

አንዱን አነሳሁ። «ታታሪ ነኝ። በቡድን የመሥራት ችሎታ አለኝ። የሥራ ጫና መቋቋም እችላለሁ» ይላል። ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ የራሳችንን ማስታወቂያ አውጥቼ ጎኑ አስቀመጥኩት። «ተፈላጊ ችሎታ፦ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫና የሚቋቋም።» ቃል በቃል የኛው ነው! ሰዎቹ የጠየቅናቸውን መለሱልን፣ እኛ ደግሞ በመመለሳቸው ልንጥላቸው ነው። ማስታወቂያውም ቢሆን ቀደም ሲል ለሾፌር ቦታ ካወጣነው ላይ የተገለበጠ ነበር። ታዲያ ቴምፕሌት የጀመረው ማን ነው?

ልጁ አልተዋጠለትም። «ጎበዝ ሰው ግን የራሱን ይጽፋል» አለ። ስለዚህ ሒሳብ አልገጥም ሲል ሁላችንም የምንሮጥባትን ባልደረባችንን የግል ማኅደር አስወጣሁ። ስትቀጠር ያስገባችው ደብዳቤ ውስጥ «ታታሪ ነኝ» አለ። «የሥራ ጫና መቋቋም እችላለሁ»ም አለ።

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት። ጎበዙም ሰነፉም እኩል የሚጽፉት ነገር ሁለቱን አይለይላችሁም። አንድ ሐረግ ለመረጃነት የሚበቃው በደካሞቹ ደብዳቤ ውስጥ በብዛት፣ በጎበዞቹ ውስጥ ግን አልፎ አልፎ የሚገኝ ከሆነ ነው። ይህን ሳያጣሩ «ልምዴ ነው የነገረኝ» ማለት አያዋጣም። የጣላችኋቸው ሰዎች ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አላያችሁም። ያያችሁት የቀጠራችኋቸውን ብቻ ነው።

ከተለመደ ሐረግ በሐቅ መናገር የምትችሉት ትንሽ ነው። ሰውየው ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል። ለእናንተ መሥሪያ ቤት ብሎ ለብቻ አልጻፈም። በቃ። ለብቻ ያልጻፈውም ብዙ ቦታ ስላመለከተ፣ ከአብዛኛውም «ደርሶናል» የሚል መልስ እንኳ ስላላገኘ ሊሆን ይችላል። ስለ ሐቀኝነቱ፣ ስለ ትጋቱ፣ ስለ ሒሳብ ችሎታው የነገራችሁ ነገር የለም። ጥሩም መጥፎም።

ሁለት፦ ሁለት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሲገኝ «ተቀዳድተው ነው»

አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሥራ ፈላጊው እዚያ ያነብባል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይገባል። ጸሐፊዋ ቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል ትከፍታለች። ስም፣ ቀንና የሥራ መደብ ትቀይራለች። አትማ ትሰጠዋለች። ቀጥሎ የመጣውም ያንኑ ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ በኢሜይል የመጣውን ፋይል መረጃ ይከፍትና Author የሚለው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም ወይም User የሚል ቃል ሲያገኝ «ያዝኩት!» ይላል። ምንም አልያዘም። ያ የኮምፒውተሩ ወይም የፋይሉ የመጀመሪያ ባለቤት ስም ነው። ሐሳቡ የማን እንደሆነ አይናገርም።

በአማርኛ የተጻፉት ላይማ ነገሩ ይብሳል። «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ»፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው»፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ሁሉ የደብዳቤ ሥርዓት ነው። ባይኖር ኖሮ ደግሞ «ደብዳቤ መጻፍ አያውቅም» እንል ነበር።

ሦስት፦ የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀየር የቀረበት ደብዳቤ

ይሄኛው እውነተኛ ስህተት ነው። «በባንካችሁ ለማገልገል» ብሎ የአስመጪ ድርጅት በር ላይ የሚመጣ አለ። ፈርሞበታልና ኃላፊነቱ የሱ ነው፣ የጸሐፊዋ አይደለም። ግን ስንት ይመዝናል? ዋና ሥራው ሰነድ ማመሳከር ለሆነ ሰው ልብ የሚባል ነገር ነው። ለመጋዘን ሠራተኛ ግን ኢምንት ነው። በሁለቱም ቢሆን አንድ ቀን አለማየቱን እንጂ ዝርክርክ ሰው መሆኑን አያረጋግጥም። ሌላው ሁሉ ተስማሚ ከሆነ ጠርታችሁ ጠይቁት።

ደብዳቤው ከሲቪው ጋር ሲጋጭ ነገሩ ሌላ ነው። ደብዳቤው «የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ» ካለ፣ ሲቪው ደግሞ ዘንድሮ የተመረቀ ከሆነ፣ ሐረጉን ተዉትና ልምዱን አጣሩ።

አራት፦ ያማረ ደብዳቤ ላይ መቅለጥ

የሦስቱም ታናሽ ወንድም ነው። ያማረው እንግሊዝኛ የወንድሙ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በገንዘብ የተጻፈ። ለብዙ አመልካች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። የተለመደውን ሐረግ የሚይዘው ስህተት እንዳይገባበት ፈርቶ ነው። የምትቀጥሩት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ከሆነ አዎ፣ አጻጻፉ ሥራው ነው፣ ገምግሙት። እሱንም ግን ቢሮ አስቀምጣችሁ አጽፉት።

አምስት፦ ጮክ ብሎ ማንበብና መሳቅ

ተዉ።

ታዲያ ያ ክምር ምን ሆነ?

«ቴምፕሌት» የተባለውን ክምር እንደገና አነበብነው፣ አሁን ግን ሲቪውን አስቀድመን። ዲግሪውና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የመሥራት ልምዱ ያላቸውን ከሦስቱም ክምሮች አወጣን። አጭር ፈተና ሰጠናቸው፦ የባንክ ስቴትመንትና የሒሳብ መዝገብ፣ ልዩነቱን አስታርቁ። ውስጡ ገና ያልተመነዘረ ቼክና የባንክ አገልግሎት ክፍያ ነበር። አንድ ወጥመድም ነበረው፦ ባንኩ 5,400 ብር የከፈለበት ቼክ መዝገቡ ላይ 4,500 ተብሎ ተጽፏል።

ከውድቅ ክምር የወጣች አንዲት ልጅ ቼኩንና የአገልግሎት ክፍያውን አስተካክላ 900 ሲተርፋት ዳር ላይ «ለ9 ይካፈላል፣ አኃዝ ተገላብጦ ይሆናል» ብላ ጻፈች። የሒሳብ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ከዚያው ክምር የመጣ ሌላ ልጅ ግን ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላወቀም። ባማረ ደብዳቤ ከመጡትም አንዱ እንዲሁ። ደብዳቤው ይህን ቀድሞ ሊነግረን የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ቀጣዩን ማስታወቂያ ልጁ ራሱ ጻፈው። «ታታሪ» የሚለውን አወጣና በምትኩ ይህን አስገባ፦ «በሥራ ወይም በተግባር ልምምድ ላይ ያልገጠመላችሁን አንድ ሒሳብና ምክንያቱን እንዴት እንዳገኛችሁ በአምስት መስመር ጻፉ።» ለዚህ ጥያቄ «ታታሪ ነኝ፣ ጫና እቋቋማለሁ» ብሎ የመለሰ ሰው የተጠየቀውን አልመለሰም። አሁን ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ይቻላል፤ ጥያቄው ግልጽ ነበር፣ ለሁሉም እኩል ቀርቧል። እሱም ቢሆን የሚቀነስበት ከዚያች ጥያቄ ነጥብ ላይ ብቻ ነው።